የ24 ወር ዋስትናው በሰባተኛው ወር ያልሠራለት ጄኔሬተር

ጉዳዩ የተነሳው ደብረ ብርሃን ካለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከውጭ የመጣ የናፍጣ ጄኔሬተር ከአስመጪ ገዛ። ከማሽኑ ጋር የዋስትናና የሰርቪስ ውል ተሰጠው። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ከኋላው የአማርኛ ትርጉም ተያይዟል። ባለቤቱ ያነበቡት አማርኛውን ነው። ፈርመው ገንዘቡን ከፈሉ።

በሰባተኛው ወር ተርቦው ተበላሸ። ሻጩ መጥቶ ፈታው፣ አየው፣ ከዚያ ደብዳቤ ጻፈ። «ዋስትናው አብቅቷል» ይላል ደብዳቤው። ባለቤቱ አማርኛውን አውጥተው ሲያዩት 24 ወር ይላል። ገና ሰባት ወሩ ነው። እኔ የተጠራሁት ሁለቱን ጽሑፎች አስተያይቼ ልዩነቱ የት እንደሆነ እንድናገር ነበር። ሥራዬ ትርጉም ነው፣ አብዛኛው ጊዜዬም የሚያልፈው በማሽነሪ ውሎች ላይ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የዋስትናውን ሰንጠረዥ ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ረድፍ አለው። የመጀመሪያው ረድፍ ለአደጋ ጊዜ ተጠባባቂ የሆነ ጄኔሬተር ነው፦ 24 ወር ወይም 400 ሰዓት፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። ሁለተኛው ያለ ዓመታዊ የሰዓት ገደብ ለሚሠራ ነው፦ 12 ወር ወይም 1,500 ሰዓት፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። የአማርኛው ሰንጠረዥ ግን እንዲህ ነበር፦ «ለተጠባባቂ 24 ወር፣ ለመደበኛ 12 ወር።» የሰዓቱ ዓምድ የለም። ተርጓሚው ገጹ ስለጠበበው ይሁን ወይም ሰዓቱ ዝርዝር መስሎት ይሁን ማወቅ አልቻልኩም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው።

አሁን ራስዎን በባለቤቱ ቦታ ያድርጉ። መብራት ሲሄድ የሚነሳ ጄኔሬተር እየገዙ ነው። በኛ አነጋገር ይህ ተጠባባቂ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አንዱ ረድፍ 24 ወር ይሰጣል፣ ሌላው 12። የትኛውን ይመርጣሉ? እሳቸውም 24ቱን መረጡ። በትዕዛዝ ቅጹ ላይ «ተጠባባቂ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረጉ።

በዘርፉ ግን ተጠባባቂ ማለት መብራት ሲሄድ የሚነሳ ማለት ብቻ አይደለም። የጄኔሬተር አቅም የሚመደብበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 8528 ይባላል። በእሱ መሠረት የአደጋ ጊዜ ተጠባባቂ ምድብ በዓመት ከ200 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይደለም የተሰላው። የሰንጠረዡ 400 ሰዓትም የመጣው ከዚያው ነው፣ 200 በሁለት ዓመት። ምድቡ የታሰበው መብራት አልፎ አልፎ ለሚቋረጥበት አገር ነው። በፋብሪካው ግን በዚያ ሰሞን መብራት በሥራ ቀን አራት ሰዓት ያህል ይጠፋ ነበር። በወር 25 የሥራ ቀን ቢባል 100 ሰዓት ይሆናል። የዓመቱ 200 ሰዓት በሁለት ወር አለቀ። የዋስትናው 400 ሰዓት ደግሞ በአራተኛው ወር። ተርቦው ሲበላሽ ሰዓት ቆጣሪው 690 ላይ ነበር።

የሚያሳዝነው ሁለተኛውን ረድፍ መርጠው ቢሆን ኖሮ ዋስትናው በጊዜም በሰዓትም አላለፈም ነበር። 12 ወሩ አልሞላም፣ 1,500 ሰዓቱም ሩቅ ነው። አጭር የሚመስለው ረድፍ ለእሳቸው ረጅሙ ነበር። ይህን ማየት የሚችሉት ግን የሰዓቱ ዓምድ ቢተረጎምላቸው ነው።

ሻጩ ሁለተኛ ምክንያትም ነበረው። የ500 ሰዓቱ ሰርቪስ አልተደረገም አለ። የ250ውን የፋብሪካው መካኒክ ዘይትና ፊልትሮ ከገበያ ገዝቶ ቀይሯል፣ መዝገብ ግን የለም። ባለቤቱን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እነሱ ይመጣሉ ብለን ነው የጠበቅነው፤ ወረቀቱ ይቀየራል ይላል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አማርኛው «በየ250 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል» ይላል። ማን ይቀይራል? ከሻጭ በተሰጠ ወረቀት ላይ «ይቀየራል» ሲባል አንባቢው እንደ ተስፋ ነው የሚወስደው። ሻጩ ይቀይርልኛል ማለት ነው። እንግሊዝኛውም በዚያ ዓረፍተ ነገር ማን እንደሚቀይር አይናገርም። ነገር ግን ሁለት ገጽ ወደፊት አንድ አንቀጽ አለ፦ በየጊዜው የሚደረገው ጥገና ኃላፊነትና ወጪ የገዢው ነው፣ ሥራው ግን ሻጩ በፈቀደለት ባለሙያ መሠራት አለበት ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ግዴታው የማን እንደሆነ ያውቃል። እንግሊዝኛ የሚያነብ መሐንዲስ ይህን ማገናኘት ለምዶታል። የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት እንዲያገናኝ መጠበቅ ግን ልክ አይደለም።

እዚህ ላይ አማርኛ ጥሩ መሣሪያ አለው። «መቀየር» እና «ማስቀየር» አንድ አይደሉም። ገዢው ዘይት «መቀየር አለበት» ካልን ራሱ ወይም የራሱ መካኒክ ቢቀይረው ግዴታውን ተወጣ። «ማስቀየር አለበት» ካልን ግዴታው የሱ፣ እጁ የሌላ ሰው ነው። አዲሱ አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦ «ገዢው በየ250 የሞተር ሥራ ሰዓት ወይም በየ6 ወሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ጊዜ፣ የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን ሻጩ በፈቀደለት ባለሙያ በራሱ ወጪ ማስቀየር አለበት።» «ገዢው» እና «በራሱ ወጪ» የሚሉትን ከራሴ አላመጣሁም። ከዚያኛው አንቀጽ ነው የወሰድኩት፣ ከየት እንደወሰድኩም በኅዳግ ጽፌ ለሁለቱም ወገን አሳይቻለሁ። ሰነዱ ውስጥ ድጋፍ የሌለው ባለግዴታ በትርጉም መሐል መጨመር አይቻልም። ድጋፍ ባይኖር ኖሮ ክፍቱን ትቼ ጥያቄ እጽፍ ነበር።

«ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ጊዜ» የሚለው ሐረግ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ሊተው ግን አይችልም። «250 ሰዓት ወይም 6 ወር» ብቻ ሲባል አማርኛ አንባቢ ምርጫ የተሰጠው ይመስለዋል። ሰዓቱ ቶሎ ከሞላ ወሩን ይጠብቃል። ፋብሪካው ውስጥም የሆነው ይኸው ነው፤ መካኒኩ ሁለተኛው ሰርቪስ ስድስት ወር ገና ስላልሞላ አልደረሰም ብሎ ያስብ ነበር። በወር 100 ሰዓት የሚሠራ ሞተር 500 ሰዓት የሚሞላው በአምስት ወር ነው። «የሞተር ሥራ ሰዓት» ያልኩትም ለዚሁ ነው። ሰዓቱ የሚነበበው ፓኔሉ ላይ ካለው ቆጣሪ እንጂ ከግድግዳ ሰዓት አይደለም።

ክርክሩ ፍርድ ቤት አልደረሰም። ውሉ ሁለቱ ቋንቋዎች ቢለያዩ እንግሊዝኛው ይጸናል ስለሚል የባለቤቱ አቋም በወረቀት ደረጃ ደካማ ነበር። ያዳናቸው የትዕዛዝ ቅጹ ነው። ቅጹ «በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሳቸውም «4» ብለው ሞልተዋል። ማለትም ሻጩ ማሽኑን ሲሸጥ በዓመት ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚሠራ ያውቅ ነበር። የሻጩ የሰርቪስ ኃላፊ ይህን ሲያይ አልተከራከረም። ተርቦው በግማሽ ዋጋ ተሰጠ፤ የሙያተኛውንና የመጓጓዣውን ወጪ ፋብሪካው ቻለ። ውሉም ወደ ሁለተኛው ረድፍ ተዛወረ። ሻጩ ለሌሎች ደንበኞቹም የሚሆን አዲስ አማርኛ ስለፈለገ ሥራው ለኔ ተሰጠኝ። ፋብሪካው ሁለተኛ ጄኔሬተር ሊያስመጣ ስለነበር መሞከሪያችን እሱ ሆነ።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብን የጭነቱ አንቀጽ ነው። የድሮው አማርኛ «በመደበኛ ሁኔታ በቀን በአማካይ ከ70 በመቶ በላይ አይጫንም» ይላል። ቀላል ይመስላል። ሁለት ስህተት ግን ተሸክሟል።

አንደኛው «በመደበኛ ሁኔታ» ነው። አንባቢው «በወትሮው፣ ችግር በሌለበት ጊዜ» ብሎ ያነበዋል። እንግሊዝኛው የሚለው ግን የማሽኑ ኃይል የተለካበትን መነሻ ሁኔታ ነው፦ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ 100 ኪሎ ፓስካል የአየር ግፊትና 30 በመቶ እርጥበት። 100 ኪሎ ፓስካል ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ ቦታ የሚገኝ ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ግፊቱ 72 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይሆናል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ኃይሉም አብሮ ይወርዳል። ምን ያህል እንደሚወርድ በሞዴሉ ይለያያል፤ ከአምራቹ ሰንጠረዥ ነው የሚነበበው። ስለዚህ የ70 በመቶው መነሻ ማሽኑ ላይ በተለጠፈው የመረጃ ሳህን የተጻፈው ኃይል ነው ወይስ በቦታው የሚገኘው? እንግሊዝኛው በግልጽ አይለይም። እኔ አልወሰንኩም። ጥያቄውን ሻጩ ለአምራቹ ላከው። መልሱ «በተከላው ቦታ የሚገኘው ኃይል» የሚል ሆኖ መጣ፣ ለዚያ ሞዴል በዚያ ከፍታ 150 ኪሎ ዋት መሆኑም ተገለጸ። ሳህኑ ላይ ያለው 200 ኬቪኤ ወይም 160 ኪሎ ዋት ነው።

ሁለተኛው ስህተት «በቀን በአማካይ» ነው። ይህ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ለአንባቢው የሚጥም ስሌት ይሰጠዋል። ጄኔሬተሩ በቀን አራት ሰዓት ብቻ ከሠራ፣ በሙሉ ጭነት ቢሠራ እንኳ በ24 ሰዓት ሲካፈል አማካዩ ከ17 በመቶ አያልፍም። እንግዲያው ምን ችግር አለው? ይላል። በደረጃው አሠራር ግን ሞተሩ የቆመበት ጊዜ አይቆጠርም። ከ30 በመቶ በታች የሆነ ጭነት ደግሞ እንደ 30 በመቶ ይያዛል። የሻጩ ቴክኒሻን ፊት ይህን በፋብሪካው አንድ ቀን ላይ አሰላነው።

በዚያ ቀን ጄኔሬተሩ ሁለት ሰዓት በ150 ኪሎ ዋት ሠራ፤ ሁለቱም ወፍጮዎች ተነስተው ነበር። አንድ ሰዓት በ90 ሠራ። የመጨረሻውን አንድ ሰዓት መብራትና ማሸጊያ ብቻ ነበር፣ 20 ኪሎ ዋት። የሳህኑን 160 መነሻ ብናደርግ 30 በመቶው 48 ነው፣ ስለዚህ 20ው 48 ተብሎ ይያዛል። ሁለት ጊዜ 150፣ ሲደመር 90፣ ሲደመር 48፣ ድምሩ 438። ለአራት ሲካፈል 109.5 ኪሎ ዋት። የ160 ሰባ በመቶ 112 ነው። ገደቡን አልተላለፈም ማለት ነው። በቦታው ኃይል በ150 ብንሄድስ? 30 በመቶው 45 ነው። ድምሩ 435፣ ለአራት ሲካፈል 108.75። የ150 ሰባ በመቶ ግን 105 ነው። ያው ማሽን፣ ያው ቀን፣ በአንዱ ንባብ ውሉን ጠብቋል፣ በሌላው ጥሷል። ቴክኒሻኑ ካልኩሌተሩን ወደ ባለቤቱ አዞረና «ጋሼ፣ ሁለቱን ወፍጮ አንድ ላይ አናስነሳም» አላቸው።

አዲሱ አንቀጽ ረዝሟል፣ ግን ሊነበብ ይችላል፦ «ሞተሩ በሚሠራበት 24 ሰዓት ውስጥ አማካይ ጭነቱ፣ በተከላው ቦታ ከሚገኘው ኃይል 70 በመቶ መብለጥ የለበትም። አማካዩ ሲሰላ ሞተሩ የቆመበት ጊዜ አይቆጠርም፤ ከ30 በመቶ በታች የሆነ ጭነት እንደ 30 በመቶ ይያዛል።» ከላይ ያለው ስሌት ከውሉ አካል ውጪ፣ በአባሪ፣ «ምሳሌ» በሚል ርዕስ ገባ። ሻጩም ገዢውም ፈርመውበታል። ምሳሌውን አንቀጹ ውስጥ ብናስገባው ራሱ ግዴታ ሆኖ ይነበብ ነበር።

ማዛባቱ ሁልጊዜ ለሻጩ የሚያደላ አልነበረም፣ ለገዢውም አልነበረም። እንግሊዝኛው ጄኔሬተሩ በወር አንድ ጊዜ በጭነት ተነስቶ እንዲሠራ «ይመከራል» ይላል። ቃሉ ሹድ ነው፤ ሻል አይደለም። የድሮው አማርኛ «መነሳት አለበት» ብሎት ነበር። ያልነበረ ግዴታ ገዢው ላይ ጫነ። በተቃራኒው ደግሞ ብልሽት በታወቀ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ሆኖ ሳለ «ቢያሳውቅ ይመረጣል» ተብሏል። አንድ ሰነድ ውስጥ «አለበት» ለግዴታ፣ «ይመከራል» ለምክር፣ «ይችላል» ለፈቃድ ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ። «ይገባል»ን ጭራሽ አልተጠቀምኩበትም። ለአንዱ አንባቢ ግዴታ ነው፣ ለሌላው ምክር።

ባለቤቱ አንድ ነገር ጠየቁኝ። እንግሊዝኛው የተበላሸውን ዕቃ ማደስ ወይም መተካት በሻጩ ምርጫ ነው ይላል። እሳቸው «ሻጩ ይተካል» ብዬ እንድጽፍላቸው ፈለጉ። «አሁንማ ተስማምተናል፣ ምን ይላሉ?» አሉኝ። አልጻፍኩትም። ከተስማሙ እንግሊዝኛው ላይ ይቀየር፣ ከዚያ አማርኛው ይከተላል አልኳቸው። እንግሊዝኛው ባይቀየር እኔ የጻፍኩት በክርክር ቀን ምንም አይጠቅማቸውም፤ አምነውበት ደግሞ እንደገና ይጎዳሉ። ተነጋገሩ፤ ሻጩ ለተርቦና ለናፍጣ ፖምፓ ብቻ በአዲስ ለመተካት ተስማማ። ሁለቱም ቋንቋ ላይ ገባ።

የቀን ቆጠራውም ቀላል አልነበረም። ማሽኑ ተተክሎና ተፈትሾ ሥራ ከጀመረበት ቀን 12 ወር ይላል ውሉ። በየትኛው አቆጣጠር? በኛ ዓመት ጳጉሜንን ጨምሮ 13 ወር አለ። የካቲት 1 ቀን 2016 ሥራ የጀመረ ማሽን እንውሰድ። በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024 ነው። በፈረንጆቹ 12 ወር ዋስትናው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2025 ማታ ያበቃል፣ በኛ የካቲት 1 ቀን 2017። ጳጉሜንን እንደ አንድ ወር ቆጥሮ 12 የሚል ሰው ግን ታኅሣሥ 30 ላይ ይጨርሳል። አንድ ወር ሙሉ ጠፋ። ስለዚህ ርክክቡ ላይ የወሩ ብዛት ብቻ እንዳይጻፍ፣ የመጨረሻው ቀን ራሱ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲሞላ ቦታ አዘጋጀን።

ትርጉሙን የፈተንኩት ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በማስተርጎም አይደለም። ያ ቃላትን ያመሳክራል እንጂ አንባቢው ምን እንደሚያደርግ አያሳይም። ለፋብሪካው መካኒክ አማርኛውን ብቻ ሰጠሁትና ጥያቄ ጠየቅኩት። ቆጣሪው 480 ይላል፣ ማሽኑ አምስት ወሩ ነው፣ ምን ታደርጋለህ? «ለሻጩ እደውላለሁ፣ 500 ሳይሞላ እንዲመጡ። ሲጨርሱ መዝገቡ ላይ አስፈርማለሁ» አለ። ተርቦው ድምፅ ካሰማስ? «አቆመዋለሁ፣ በ14 ቀን ውስጥ በደብዳቤ እናሳውቃለን፣ ራሴ አልፈታም።» ትክክል ነው። የተሳሳተው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የናፍጣ ፊልትሮ ዋስትና አለው ብሎ አሰበ። የሚያልቁ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ «ፊልትሮ» ብቻ ስለተጻፈ የዘይቱን ብቻ መሰለው። «የዘይት፣ የናፍጣና የአየር ፊልትሮ» ተብሎ ተዘረዘረ።

አዲሱ ጄኔሬተር ሲተከል ሰዓት ቆጣሪው ዜሮ ላይ አልነበረም፤ 3 ሰዓት ይላል። አምራቹ ፋብሪካው ውስጥ ሲፈትነው የሠራው ነው። 1,500ው ከዜሮ ነው የሚቆጠረው ወይስ ከ3? ውሉ አይልም። ሻጩ በዚያው ዕለት ጠይቆ «ከርክክቡ ንባብ ጀምሮ» የሚል መልስ በጽሑፍ አመጣ። በርክክብ ሰነዱ ላይ «መነሻ ንባብ፦ 3 ሰዓት፤ ዋስትናው የሚያበቃበት ንባብ፦ 1,503 ሰዓት» ተብሎ ተሞላና ሁለቱም ፈረሙበት።